ጀሪካኑን ማን ይሞላል?



ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ነገር አሮጌ የምሳ ዕቃ ነው። ውስጡ አንድ የአርዱዪኖ ሰሌዳ፣ አንድ ሪሌይና ጥቂት ሽቦዎች አሉ። ከውጭ አፈር ውስጥ የሚሰካ ሴንሰር፣ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ የሚነከር ትንሽ ፓምፕ፣ ከዚያም ወደ አራት ችግኞች የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለው። አፈሩ ሲደርቅ ያጠጣል፤ ሲረጥብ ያቆማል። ለውድድሩ የቀረበው ይኸው ነው። እዚህ የቆምኩት ግን ሳጥኑን ለማሳየት ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ፈጽሞ የማይችለው አንድ ሥራ አለ፤ ያንን ሥራ እንድትሠሩት ልጠይቃችሁ ነው።

አስቀድሜ ሳጥኑ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ሁላችንም በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ብዙዎቻችን ገና ትንንሽ ልጆች ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ አካፋ ያልያዘ ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤታችንም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ተክሏል። ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ እጃችንን ታጥበን ሄድን። በክረምት ደግሞ የተተከለ ሁሉ ያምራል፤ ሰማዩ ያጠጣልና።

ችግኝ የሚሞተው በበጋ ነው። መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲቆም መጀመሪያ የሚደርቀው የላይኛው አፈር ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሥር ደግሞ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ከወጣ ገና ጥቂት ወሩ ነውና ያለው እዚያው ላይ፣ ከመሬት በታች ሁለት ሦስት ስንዝር ባልሞላ ጥልቀት ውስጥ ነው። ከሥሩ በታች እርጥብ አፈር አለ፤ ሥሩ ግን ገና አልደረሰበትም። ያንን ርቀት እስኪሻገር ድረስ አንድ በጋ የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል። ይህን አንድ በጋ ያለፈ ወይራ ከዚያ በኋላ የእኛን ባልዲ ብዙም አይጠብቅም።

አሁን ኅዳር ነው። ከፊታችን የገና ዕረፍት አለ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት። በነዚህ ቀናት ግቢው ውስጥ የሚቀሩት ጥበቃዎችና አትክልተኛችን ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ደግሞ በአንድ የውሃ ማጠጫ ጣሳ በሩ ላይ ያሉትን አበቦች ያጠጣሉ፤ እንግዳ የሚያየው እሱን ነዋ! (ጋሼ፣ እዚያ ኋላ ቆመው እንደሚሰሙኝ አይቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።) አንድ ሰው ግቢውን ሁሉ በየቀኑ ሊያዳርስ አይችልም።

ሳጥኑ የገባው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩን በሙሉ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ነገ እናንተው እንድትሠሩት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ሴንሰሩ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ይህ ሹካ የመሰለው፣ ሁለት ጥርስ ያለው ርካሹ ነው፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል በአፈሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ይለካል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ አንዱ ጥርስ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ሳይቋረጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ እየሟሟ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ኬሚስትሪ ክፍል ኤሌክትሮሊሲስ ብለን የተማርነው ነው። ጥርሱ እያለቀ በሄደ ቁጥር ሴንሰሩ «ደረቅ ነው፣ ደረቅ ነው» ይላል፤ ፓምፑም አምኖት ችግኙን በውሃ ያሰምጠዋል። ሁለተኛው ካፓሲቲቭ የሚባለው ነው። ብረቱ በቀለም ስለተሸፈነ አፈር አይነካም፤ ስለዚህ አይበላም። ትንሽ ብር ጨምራችሁ ይህን ግዙ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ከላይ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎቹ ውሃ አይችሉም። የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ካደረቃችሁት ይበቃል። እህቶቻችሁ ይፈቅዱላችኋል።

ሴንሰሩ የሚሰጠን ቁጥር ነው። የእኛው አየር ላይ ሲያዝ 590 አካባቢ ያነባል፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እስከ መስመሩ ሲነከር 290 አካባቢ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደረቅ፣ ዝቅ ሲል እርጥብ ማለት ነው። የእናንተ ሴንሰር ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ የእኔን አትቅዱ። ይልቅስ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። አፈሩ ጣታችሁ ላይ ካልተጣበቀና ቅዝቃዜ ካልተሰማችሁ ያን ጊዜ ሴንሰሩ የሚያነበውን ጻፉ፤ «አጠጣ» የሚለው ቁጥር እሱ ነው። አጠጥታችሁ ውሃው ሰርጎ ከገባ በኋላ ያለውን ደግሞ ጻፉ፤ እሱ «አቁም» የሚለው ነው። በእኛ አፈር የመጀመሪያው 470፣ ሁለተኛው 380 ሆኗል።

ለምን ሁለት ቁጥር? አንድ ቁጥር ብቻ ብንሰጠው ፓምፑ በዚያች ቁጥር ዙሪያ በየደቂቃው ይነሣል፣ ይቆማል፤ ሁልጊዜም ላይ ላዩን ብቻ ያረጥባል። ሥሩም ውሃው ካለበት ከላይ ይቀራል፤ ወደታች መውረድ ያለበት ሥር! ሁለት ቁጥር ሲኖር አፈሩ በደንብ እስኪደርቅ ይታገሳል፣ ሲያጠጣ ደግሞ እስኪጠግብ ያጠጣል።

ከዚያ ልኩ። ፓምፑ ምን ያህል እንደሚያፈስ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ቱቦው ሲረዝምና ከፍታ ሲኖረው ይቀንሳልና። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከቱቦው ጫፍ ያዙና ስልካችሁ ላይ ሰዓት ቁጠሩ። የእኛው በ25 ሰከንድ ይሞላዋል፤ በሰከንድ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ 20 ሰከንድ ቢሠራ 400 ሚሊ ሊትር ያፈሳል፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ችግኝ 100። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ ውሃው ከላይ ተነሥቶ ሴንሰሩ እስካለበት እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይጠብቅ ቢያጠጣ ሴንሰሩ እስኪሰማ ድረስ ችግኙ ጎርፍ ውስጥ ይቆማል። በቀን ቢበዛ አምስት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ሴንሰሩ ቢጮህም አይሰማውም። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት የኮዱ እምብርት ይህን ነው የሚለው፦

```cpp
int m = analogRead(A0);
if (m > 470) watering = true;
if (m < 380) watering = false;
if (watering && pulses < 5) {
  digitalWrite(7, LOW);
  delay(20000UL);
  digitalWrite(7, HIGH);
  pulses++;
}
delay(1800000UL);
```

የእኛ ሪሌይ `LOW` ሲባል ፓምፑን የሚያስነሣ ዓይነት ነው፤ ግራ እንዳይገባችሁ። `pulses` በየ24 ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ያቺ መስመር ከታች አለች።

አራቱ ችግኞች እኩል እንዲጠጡ ደግሞ ከየቱቦው ጫፍ ሥር አንዳንድ ብርጭቆ አስቀምጡ። ለፓምፑ የቀረበው ብርጭቆ ቀድሞ ይሞላል፤ የዚያን ቱቦ በቀጭን ሽቦ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ አራቱም እስኪተካከሉ ድረስ። ሴንሰሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በብዛት የሚያገኘው፣ ቀድሞ የሚደርቀው ችግኝ ሥር ይሰካ።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር ልምጣ። ዳኞች ሲጠይቁኝ ከምመልስ አስቀድሜ ልናገር፤ ደግሞም የዚህ ዓይነት ሳጥን የሠራ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

አንደኛው ሳይፈን ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከቱቦው ጫፍ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፑ ቢቆምም ውሃው አይቆምም። ቱቦው አንዴ ከሞላ በኋላ ውሃው በራሱ ክብደት እየተሳበ ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ይፈሳል። ሳጥኑ ምንም አያውቅም፤ መብራቱ እንደበራ፣ ሪሌዩ እንደጠፋ፣ ኮዱም ልክ እንደሆነ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የፓምፑ ድምፅ ካቆመ በኋላ የቱቦውን ጫፍ ተመልከቱ። ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ከቆመ ደኅና ነው፤ መፍሰሱን ከቀጠለ ሳይፈን ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ቱቦው ጀሪካኑ ውስጥ ከውሃው በላይ በሚያልፍበት ቦታ ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ፓምፑ ሲሠራ ትንሽ ውሃ በቀዳዳዋ ወጥቶ እዚያው ጀሪካኑ ውስጥ ይመለሳል፤ ሲቆም ግን አየር በእሷ ገብቶ ስቡን ይበጥሰዋል።

ሁለተኛው የራሳችን አፈር ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ጥቁር ዋልካ መሆኑን ጫማችሁ ያውቃል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሴንሰሩ አጠገብ ከተከፈተ ሴንሰሩ የሚለካው አፈር ሳይሆን አየር ነው። ስለዚህ ዙሪያው እርጥብ ሆኖም «ደረቅ» ይላል፤ የሚፈሰውም ውሃ ስንጥቁን ተከትሎ ሥሩን ሳይነካ ያልፋል። ሳጥኑ በተከታታይ ቀናት አምስቱንም ጊዜ እያጠጣ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ ችግኙ ሂዱ፤ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። አፈሩን ቆፈር አድርጋችሁ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ሴንሰሩን እንደገና ጠቅጥቃችሁ ሰኩ፣ ከላይ ደረቅ ሣር አልብሱት። ሣሩ ፀሐዩን ስለሚከለክል ስንጥቁ ቶሎ አይመለስም። በነገራችን ላይ ከኮዱ ሁሉ ይልቅ ውሃ የሚቆጥበው ይህ አንድ እቅፍ ሣር ነው፤ ሽልማት ስለማያስገኝ ማንም ፖስተር አይሠራለትም።

መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል ብላችሁ እያሰባችሁ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ በ12 ቮልት የሞተር ብስክሌት ባትሪና በመኪና የስልክ ቻርጀር ይሄዳል፤ ትንሽ የፀሐይ ፓነል ካገኘን ባትሪውን ይሞላልናል። የግድግዳ መብራት ግን ወደ ውሃው አጠገብ እንዳታመጡ። ይህን እለምናችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ስሌቱን አብራችሁኝ ሥሩ። በቀን አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 400 ሚሊ ሊትር፤ ቢበዛ 2 ሊትር። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። አፈሩ እጅግ በደረቀበት ሳምንት እንኳ ጀሪካኑ 10 ቀን ያደርሳል። ሳጥኑ የሰጠን ይህን ነው፤ በየቀኑ መመላለስን በሳምንት አንድ ጊዜ አድርጎልናል። ከዚያ በላይ አይችልም። ጀሪካኑን ተሸክሞ ቧንቧ ጋ መሄድ አይችልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ወረፋ መያዝ አይችልም። ባዶ ጀሪካን ውስጥ የሚሽከረከር ፓምፕ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለሌለው ራሱ ይቃጠላል። «አውቶማቲክ» ብዬ ፖስተሩ ላይ የጻፍኩት ነገር ሰው ካልመጣለት በአሥራ አንደኛው ቀን የምሳ ዕቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው።

ጓደኞቼ፣ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያለን ክፍሎች ሁሉ አራት አራት ችግኝ እንውሰድ። የኔ፣ ያንተ፣ ያንቺ ሳይባል በክፍል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሳጥን ይሥራ፤ መሥራቱን እኔና የሳይንስ ክበቡ ልጆች እናሳያችኋለን። ዓርብ ዓርብ ከመውጫ ደወል በኋላ ከየክፍሉ ሁለት ተማሪ ጀሪካኑን ይሙላ፣ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ያስገባ፣ የሳጥኑን ቁጥር ያንብብ፣ ሁለቱን በወረቀት ላይ ይጻፍ። ጣታችሁና ሳጥኑ ካልተስማሙ ጣታችሁን እመኑና ሳጥኑን መርምሩ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ግን ዓርብ መሆን አለበት፤ «ሰኞ እናደርገዋለን» ያለ ክፍል ሁለት ዓርብ ከዘለለ ጀሪካኑ ደርቋል።

አርዱዪኖ መግዛት የማይችል ክፍል ይኖራል፤ እሱ ሰበብ እንዲሆነን አልፈቅድም። ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ግዙ፤ ሆስፒታል ያገለገለ አትንኩ። ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘቅዝቃችሁ በእንጨት ላይ ስቀሉና ቂጡን ብሱት፤ ቱቦውን ክዳኑ ላይ አጥብቃችሁ አያይዙ። ብዙዎቹ ቱቦዎች 20 ጠብታቸው አንድ ሚሊ ሊትር ነው። መቆጣጠሪያዋን ጎማ እያዞራችሁ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጠብታ እንዲወርድ ካደረጋችሁት በቀን 720 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ግን አፈሩ ይድረቅ ይርጠብ አያይም፤ ጠርሙሱም ሦስት ቀን አይሞላም። ስለዚህ እንዲህ የሚሠራ ክፍል በሳምንት ሦስት ጊዜ መምጣት አለበት። ሰው ከበዛ እሱም ይቻላል።

ወላጆቻችን፣ ከእናንተ ገንዘብ አልጠይቅም። ዘይት ያለቀበት፣ ክዳን ያለው 20 ሊትር ጀሪካን ቤታችሁ ካለ ልጃችሁን አስይዛችሁ ላኩልን፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሙናውም በደንብ ተለቅልቆ። ለዕረፍት ከከተማ የማትወጡ ደግሞ ልጃችሁ በገና ማግሥት ለአንድ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት ልሂድ ሲላችሁ ውሸት እንዳይመስላችሁ።

መምህራኖቻችን፣ የሳይንስ ክፍሉን ቁልፍ ቅዳሜ ጠዋት ስጡን። ርዕሰ መምህራችን፣ እርስዎን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በሁለቱ ዕረፍቶች ዓርብ ዓርብ በሩ እንዲከፈትልን ለጥበቃዎች ደብዳቤ ይጻፉልን። ሌላው ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ማጠራቀሚያ ውሃ ሲመጣ አስቀድሞ የእኛ ጀሪካኖች እንዲሞሉበት ይፍቀዱልን፤ ዓርብ ውሃ የጠፋ እንደሆነ የምንቀዳው ከዚያ ነው። ጋሼን ደግሞ ምንም አንጠይቃቸው፤ እርሳቸው ይምሩን እንጂ አይሸከሙልን።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ሳይወደድ ሊቀር ይችላል። የተከልነውን ቁጥር በየክረምቱ እንናገራለን፤ በበጋ የቀረውን ግን ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ቁጥር የሌለው ሙከራ ደግሞ ሳይንስ አይባልም። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካሉት ውስጥ አንድ ረድፍ ሳጥን ሳይገባበት እንደቀድሞው በእጅ፣ በተመቸን ጊዜ እየተጠጣ ይቆይ። በሚያዝያ መጨረሻ ሁሉም ክፍል ወጥቶ ይቁጠር፤ ሳጥን ካለው ረድፍ ስንት ሞተ፣ ከሌለው ረድፍ ስንት ሞተ። ቁጥሩን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ እንለጥፍ፤ ከየትኛው ክፍል ስንት እንደሞተም ጨምረን። የእኔም ክፍል አለበት። ሳጥኑ ያላዳነ ሆኖ ከተገኘ እሱንም እንለጥፋለን፤ ሐምሌ ሲመጣ ያን ወረቀት አይተን ነው ስንት መትከል እንደምንችል የምንወስነው።

ወረቀቱ እዚህ ከጀሪካኑ አጠገብ ነው። የክፍላችሁን ስም፣ የመጀመሪያውን ዓርብ የሚሞሉትን ሁለት ልጆች ስም ጻፉበት። እስክሪብቶ አለ። የመጀመሪያው የሥራ ቀን የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የሳይንስ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሰርሰሪያ የምታመጡ፣ ሽቦ የምትበይዱ፣ ምንም የማታውቁም ኑ። 9ኛ «ለ»፣ እናንተ ከኋላ የምትስቁት፣ በጣም ጥላ የሌለውን ረድፍ ለእናንተ ይዤላችኋለሁ፤ ቀድማችሁ ኑና ጻፉ።